ለዶክተር ዛኪር የላክኋት መልእክት

መርሳ ከተማ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ የምጠግነው እኔ ነኝ። ስሜ ወንዳወቅ ነው፣ ሰዉ ወንዴ ይለኛል፣ የተናደደብኝ ደግሞ ሌላ ሌላም ይለኛል። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ እኔም አልፈለግኩትም፣ እሱም አልፈለገኝም። ስልክ ላይ ግን እጄ አይታማም። የሰው ስክሪን ቀይሬ ስመልስ ለባለቤቱ ሳልነግር ጥሪውን የአህያ ጩኸት አድርጌ ነው የምሰጠው። አንዱ የቀበሌ ሰውዬ ስብሰባ መሀል ኪሱ ውስጥ አናፍቶበት ለሳምንት በዱላ ፈልጎኛል። የራሴ የቴሌግራም ፎቶም መነጽር ያደረገ አህያ ነበር። ስሜን ደግሞ «የመርሳው ጉድ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ነበር ነው የምለው።

የምነግራችሁ ግን የአባቴን የእግር ነገር ነው።

አባቴ መለሰ ይባላል። ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግራ እግሩን አዲስ ሸራ ጫማ ልጦት፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለማይሰማው እሱም ሳያውቅ ሰነበተ። እህቴ ሂሩት እግሩን ስታጥበው ነው ያየችው። ትንሿ ጣት ጫፏ ጠቁሮ ነበር። ወልድያ ወሰድነው። ሆስፒታል ያየው ወጣት ሐኪም «ተኛና ጣቷ ትቆረጥ» አለው። አባቴ ዱላውን አንስቶ ተነሣ።

«ዛኪር ይዩኝና እሳቸው ቁረጥ ካሉኝ አንገቴንም እሰጣለሁ። ያለ እሳቸው ግን ማንም ቢላ አያሳየኝም» አለ።

ዶክተር ዛኪር አባቴ ካደገበት ከግራና ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት የሰው ገላ ሲቀዱና ሲሰፉ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው አሁን ወልድያ አንድ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን ሰው ያያሉ። ተራቸው አይገኝም። ግን አንድ ነገር አላቸው፣ የአገራቸው ሰው በቴሌግራም ከጻፈላቸው ያያሉ፣ ይመልሳሉ። ቁጥራቸው ከግራና እስከ ውርጌሳ በየሰው ስልክ አለ። አባቴም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦት ነበር።

«አብሮህ ነው የተማረው አይደል?» አልኩት። «ምን እሳቸው እሳቸው ትላለህ? አንተ አትለውም?»

«እስከ አራተኛ ክፍል አንተ ነበር የምላቸው። አሁን አንቱ ነው የምላቸው።»

«ምን ተቀየረ?»

«እሳቸው ብዙ ሰው አዳኑ። እኔ ሽንኩርት ተከልኩ።» ሳቅ ብሎ እግሩን በርጩማው ላይ አስተካከለ። «ደግሞ ሰው ራሱ አንተ በለኝ እስኪልህ ነው። እስከዚያ በሩ የሱ ነው።»

ይኼን ስለ አባቴ እወቁልኝ፣ እሱ አባቱን አንቱ ሲል ነው ያደገው። እኔ እሱን አንተ እለዋለሁ፣ ቅር አይለውም። አንቱን ግን በሁለት መንገድ ያውቃል። አንደኛው ለሚያከብረው ነው። ሁለተኛው ለተቀየመው ነው። በመስኖ ውሃ ከጎረቤታችን ጋር ተጣልተው ሦስት ዓመት ሙሉ «ደህና ይዋሉ፣ ደህና ይደሩ» ሲለው ነው የኖረው። ሰውየው በመጨረሻ መጥቶ አልቅሶ «ኧረ መለሰ ስደበኝ» ብሎ ለመነው።

ከወልድያ ተመልሰን እሑድ ጠዋት አባቴ «ስልክህን አምጣና እኔ የምልህን ጻፍ» አለኝ።

«ለምን አንደውልላቸውም?»

«ምን እያደረጉ እንደሆነ ሳላውቅ? በጸሎት ላይ ቢሆኑስ? በሽተኛ ላይ ቢሆኑስ?»

«በድምፅህ ቅዳና ልላክላቸዋ። እኔ መጻፍ ይሰለቸኛል።»

«የእኔን ማቃሰት ቁጭ ብለው ይስሙ? ጻፍ። ሲመቻቸው ያነቡታል።»

ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። እሱ ዓይኑን ወደ ግራና መንገድ አድርጎ ጀመረ።

«ለተከበሩ ዶክተር ዛኪር። እንደምን ሰነበቱ። እኔ መለሰ ነኝ፣ የግራናው። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ወንዙ ጋ የነበርነው። ጻፍክ?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«አባትዎ ሐጂ በሬያቸው ሲጠፋ ሌሊቱን አብረን የፈለግነው...»

«ኧረ አባዬ! ስለ እግርህ ነው ስለ በሬ የምንጽፈው?»

«መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይወቁ። ስንት መለሰ አለ በዚህ አገር? ጻፍ አልኩህ።»

እኔ ግን ዝም ብዬ አውራ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ እንጂ እሱ ያለውን አልጻፍኩም። በልቤ እንዲህ አልኩ፣ ይኼ ሽማግሌ የበሬ ታሪክ ሲያወራ ይመሻል፣ እኔ በሁለት መስመር እጨርሰዋለሁ። ዶክተርም ሰው ናቸው፣ ሳቅ ይወዳሉ፣ እንደ ጓደኛ ብቀርባቸው ቶሎ ይመልሳሉ። ሱቄ ለሚመጣው ሁሉ የምልከውን የሰላምታ ዓይነት አወጣሁና ትንሽ ቅመም ጨመርኩበት፦

«ሰላም ዶክ! እንዴት ነህ ሼባው፣ አለህልን? ማዳምስ እንዴት ናት? በእኔ ስም ሳምልኝ። ስማ፣ አንድ ፋዘር እግሩ ተበላሽቶበት ነበር፣ ፎቶውን ልልክልህ ነው፣ ዛሬውኑ መልስ በለኝ፣ እሺ?»

ከሥሩ እስክስታ የሚወርድ ሽማግሌ ስቲከር ለጠፍኩ። ላክኩት።

አባቴ አሁንም ከበሬው ጋር ነው። በሬውን አገኙት፣ ሐጂ መረቁት፣ ዛኪር ደሴ ሊማር ሲሄድ አባቴ ሳጥኑን ተሸክሞ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን ደግሞ እንዲህ በል። በወይዘሮ ሳሚራ ሞት ልቤ ተሰብሯል።»

አውራ ጣቴ ቆመ።

«ማን?»

«ባለቤታቸው ናቸዋ። ከተቀበሩ ዛሬ ሃያ አራት ቀናቸው ነው። አላህ ይዘንላቸው፣ ጀነት ያግባቸው በል። ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁት ንቄ አይደለም፣ እግሬ ነው ያስቀረኝ በል። ይኼን ሳልል ስለ ራሴ እግር ብናገር ሰው አይደለሁም።»

ስልኬን አየሁ። መልእክቴ ጎን ሁለት ምልክት ሆኗል፣ ተነቧል ማለት ነው። ከላይ «እየጻፈ ነው» ይላል። ጠፋ። ደግሞ «እየጻፈ ነው» አለ። ደግሞ ጠፋ። እኔ ቶሎ ብዬ የላክኩትን ከሁለታችንም ስልክ ላይ አጠፋሁት። ግን የተነበበ ነገር ከስልክ ይጠፋል እንጂ ከሰው አይጠፋም። ትንሽ ቆይቶ የዶክተር ፎቶ፣ ያ ነጭ ኮፍያ ያደረጉበት፣ ከላይ ብን አለ። ባዶ ክብ ብቻ ቀረ። መጨረሻ መቼ እንደገቡ የሚያሳየውም ጠፋ። ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዘጉኝ።

«ምነው ላብ አጠመቀህ?» አለ አባቴ።

«ሙቀቱ ነው።»

«በል ጨርስልኝ።»

ጨረስኩለት። በዚህን ጊዜ እያንዳንዷን ቃል ጻፍኳት፣ በሬውንም፣ ሐጂንም፣ ሳጥኑንም፣ ሳሚራንም። ስለ እግሩ የተናገረው በመጨረሻ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ቢመችዎ ፎቶውን አይተው ይምከሩኝ፣ ባይመችዎም አልቀየምም» አለ። ላክኩት። አንድ ምልክት ብቻ ሆነ፣ አልደረሰም። ፎቶውንም ላክኩ። አንድ ምልክት።

«ሄደ?»

«ሄደ አባዬ።»

«እግዜር ይስጥህ» ብሎ መረቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስወጣ «መለሱ?» ይለኛል። ማታ ስገባ «መለሱ?» ይለኛል። መጀመሪያ «አዲስ አበባ ሄደዋል አሉ» አልኩት። ቀጥሎ «ኔትወርክ የለም» አልኩት። በሚወደው ሰው ላይ ክፉ አያስብም፣ «ሐዘን ላይ ናቸው፣ አትጨቅጭቃቸው» ይለኛል መልሶ። ሂሩት «ሆስፒታል እንመለስ» ስትለው «የዛኪር ቃል ይምጣ» ይላል። ጥቁሩ ከጣቷ ወደ ጎን ተሻገረ።

በአምስተኛው ቀን ሌላ ብልሃት አመጣሁ። ሂሩት ሳታውቅ በስልኳ ልጻፍ አልኩ። ግን ፈርቼ ስለነበር ራሴን አላመንኩም፣ ማመልከቻ የሚጽፈው ልጅ ጋ ሄድኩ። እሱም ለመሬት አስተዳደር እንደሚጽፈው ጻፈልኝ፦ «ለክቡር ዶክተር ዛኪር። ጉዳዩ፦ እግር እንዲታይልን ስለመጠየቅ። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው...» ክቡርነትዎ የምትል ቃል ብቻዋን ሰባት ቦታ ገባች። ደስ አለኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

መልሱ ወዲያው መጣ። «ክሊኒኩ ተራ ይያዙ። ቀጣዩ ክፍት ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ነው።» በቃ። የማንም ሰው ወረቀት መሰላቸው። ለወረቀት ደግሞ ወረቀት ነው የሚመለሰው። የመለሰ ስም እንኳ «አመልካች» ተብሎ ከሥር በትንሹ ነበር የተጻፈው፣ ግራና የሚል ቃል የለበትም።

ይኼንንም ለአባቴ አልነገርኩትም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሲስተር ኣልጋነሽ የቁስሉን ፋሻ ልትቀይር መጣች። ሲስተር ኣልጋነሽ የመርሳን ሕፃን ሁሉ የወጋች ነርስ ናት፣ ድሮ ወልድያ ከዶክተር ዛኪር ጋር ስምንት ዓመት ሠርታለች። እኔ አንቺ ነው የምላት። ልጅ ሆኜ መርፌ ስትወጋኝ «አንቺ ክፉ» ብዬ ጀመርኩ፣ ስቃ ተወችልኝ። ፋሻውን ፈታች። ቤቱን የሞላው ሽታ እኔንም ወደ ደጅ ገፋኝ። ቴርሞሜትሩን አየችው፣ ሠላሳ ስምንት ከዘጠኝ። እጇን ታጥባ ተከትላኝ ወጣች፣ ማንጎው ሥር ያዘችኝ።

«ዶክተር ምን አሉ?»

«አልመለሱም።»

«ዶክተር ዛኪር? ለግራና ሰው? ለአሥራ ሦስት ቀን?» ዓይኔን አየችው። «ምን አድርገህ ነው አንተ?»

ነገርኳት። ስቲከሩን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «በእኔ ስም ሳምልኝ» ያልኩትን ስነግራት በጥፊ አለችኝ። አንዴ። ከዚያ ማንጎው ግንድ ላይ ተደግፋ ቆመች።

«ሲስተር፣ አንቺ ጻፊልኝ። ያውቁሻል።»

«እኔ ብጽፍ ስለ በሽተኛው ይመልሱልኛል። የአባትህ ስም ግን በክፉ እንደሚነሣ አታውቅም? ያ መልእክት ከመለሰ ቤት እንደወጣ አንድ ቀን ይሰማሉ። ያንተን አንተ ጻፍ። ስልኬን እሰጥሃለሁ።»

«ስልኬ ተሰርቆ ነበር ልበላቸው?»

«ወደይ፣ ልጄ፣ ሰባ አራት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ስንት ውሸታም በሽተኛ አይተዋል መሰለህ?»

ልጻፍ ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችው። «ዛሬ ዓርብ ነው። ጁምዓ ላይ ናቸው። ስምንት ሰዓት ይለፍ።» አባቴ ትኩሳት እየፈጀው እኛ ሰዓት ጠበቅን። ያን ሁለት ሰዓት ተቀምጠን እሷ እጄን እየመታች እኔ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ አሳለፍነው።

መጀመሪያ «የሐኪሞች ንጉሥ፣ የሐበሻ ብርሃን» ብዬ ጻፍኩ። «አጥፋ። ይኼ ፌዝ ይመስላል፣ በተለይ ካንተ።» «አባባ ዛኪር» አልኩ። «አባባ እንድትላቸው መቼ ፈቀዱልህ? ዶክተር በል፣ ይበቃል። እሳቸው ልጄ ካሉህ ያኔ ታየዋለህ።» «ታዲያ ፍቅሩ የት ሊገባ ነው? ደረቅ ሆነ እኮ፣ እንደዚያኛው ማመልከቻ።» «ፍቅሩ አንተ ጋ የለም፣ አባትህ ጋ ነው ያለው። እሱ የነገረህን አምጣ። በሬውን አምጣ። ሐዘናቸውን አስቀድም። ከዚያ ጥፋትህን፣ ሳታስረዝም። ከዚያ እግሩን፣ ሐኪም የሚፈልገውን ብቻ፣ ስንት ቀን፣ ስንት ትኩሳት። ፎቶውን ሳታስፈቅድ አትወርውርባቸው። አይሆንም የሚሉበትን በር ደግሞ ክፈትላቸው።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይኼ ሄደ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፈው በሲስተር ኣልጋነሽ ስልክ ነው፣ ፈቅዳልኝ። ወንዳወቅ እባላለሁ፣ የግራናው የአቶ መለሰ ልጅ ነኝ። የሐጂን በሬ አብሮዎት የፈለገው፣ ደሴ ሲሄዱ ሳጥንዎን የተሸከመው። ከሁሉ በፊት በወይዘሮ ሳሚራ ሞት አዝነናል። አላህ ይዘንላቸው፣ ለእርስዎና ለልጆችዎ ጽናቱን ይስጥዎ። አባቴ ለቅሶ ያልደረሰው በእግሩ ምክንያት ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። የዛሬ አሥራ ሦስት ቀን በአህያ ፎቶ ያን አሳፋሪ መልእክት የላክሁልዎ እኔ ነኝ። አባቴ አያውቅም። መሞታቸውን አላወቅሁም ነበር፣ ባላውቅም ግን እንደዚያ መጻፍ አልነበረብኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባቴ ስኳር አለበት። የግራ ትንሽ ጣቱ ከጠቆረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ አሁን ወደ እግሩ ጀርባ ወጥቷል፣ ይሸታል፣ ዛሬ ትኩሳቱ 38.9 ነው። እርስዎ የሚሉትን ብቻ ነው የሚቀበለው። ፎቶ ብልክልዎ ይፈቅዱልኛል? ባይመችዎ እንረዳለን። አክባሪዎ ወንዳወቅ መለሰ።»

ሲስተር አንብባ አንድ ቃል አላሰረዘችኝም። ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ሁለት ምልክት። «እየጻፈ ነው።»

«የበሬው መለሰ? ልጄ ፎቶ አያስፈልግም። አሁኑኑ ይዘኸው ና። ክሊኒኩ እጠብቃችኋለሁ።»

ልጄ አሉኝ። ልጄ መባል እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ሚኒባስ ተኮናትረን ሄድን። አባቴ ራሱን ሂሩት ትከሻ ላይ አድርጎ መንገዱ ላይ ያለችው ሲሪንቃ እስክንደርስ «መለሱ አይደል? አላልኩህም? ዛኪር አይረሳም» ሲል ነበር። ትኩሳቱ ያናግረዋል። ሂሩት እኔን በመስተዋት ታየኛለች። ምንም አታውቅም፣ ግን የኔን ዝምታ ለምዳ አታውቅም።

ዶክተር ደጅ ድረስ ወጡ። ረጅም ናቸው፣ ጎበጥ ብለዋል፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል። አባቴ ከመኪናው ሲወርድ በአንድ እግሩ ቆሞ ሊሰግድ ነው የደረሰው።

«እንደምን ኖሩ ዶክተር።»

«አንተ መለሰ፣ አንቱ ነው የምትለኝ?»

«ታዲያስ ምን ልበልዎ?»

«ሳጥኔን የተሸከምክልኝ ጊዜ የምትለኝን ነዋ!»

አልጋው ላይ አስተኙት። ፋሻውን ሊፈቱ ሲሉ አባቴ እጃቸውን ያዘ። «እግሩ ይቆየን። መጀመሪያ ስለ ሳሚራ» አለ። በተኛበት አለቀሰላቸው። በወጉ፣ ስሟን እየጠራ፣ «ያን ማዕዷን፣ ያን ሳቋን» እያለ። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያ ፈቱት።

አዩት። ነኩት። ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ በጣታቸው ጫን እያሉ ወጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፣ እኔ ግን የተሰበረ ስልክ ገልብጬ ሳይ የኔም ፊት እንደዚያ ነው የሚሆነው፣ የማይሠራ መሆኑን ሳውቅ።

«መለሰ፣ እኔ ነኝ የምነግርህ፣ እመነኝ። ከጉልበትህ በታች መቆረጥ አለበት። ዛሬ ማታ። ካልሆነ ነፍስህን ይወስዳል።»

አባቴ ጣራውን አየ። «አንተ ካልክ ይሁን» አለ። አንተ ያላቸው ከስድሳ ዓመት በኋላ በዚያች ጊዜ ነው።

ኮሪደር ላይ ጠሩኝ። ዱላቸው ላይ ተደግፈው ጫማዬን ያያሉ።

«አህያው አንተ ነህ?»

«አዎ ዶክተር።»

«የዛን ቀን ጠዋት ልብሷን ለሰው እየሰጠሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ደጋግሜ መልስ ልጽፍልህ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ዘጋሁህ።» ዱላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «አንድ ፋዘር ያልከውን አይቼ ነበር። እግር ያልከውንም አይቼ ነበር። የማን እግር ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አርባ ዓመት ሐኪም ሆኜ አልጠየቅኩም። ይኼ የኔ ነው።»

«በዚያን ጊዜ ቢሆን ዶክተር...?»

«ጣት ነበር» አሉ። «ምናልባት ሁለት ጣት።»

ሊሄዱ ዞር አሉና ቆሙ። «እኔ አልነግረውም። አንተ ግን ልትነግረው ይገባል። ከኔ ቢሰማ ለሁለታችንም አይበጅም።»

ሆስፒታሉ ተቀበለን። ዶክተር ዛኪር ራሳቸው ገብተው ከወጣቶቹ ሐኪሞች ጎን ቆሙ። አባቴ ዳነ ይባላል። ከጉልበቱ በታች አንሶላው ጠፍጣፋ ነው።

ከተቆረጠ በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ወርዶ ቁጭ አለ። ሂሩት አጥሚት ታጠጣዋለች።

«ወንዴ፣ ስልክህን አምጣ። ለዛኪር የምስጋና መልእክት እንጻፍ።»

አመጣሁ። «እኔ የምልህን ጻፍ» አለ፣ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ። «ቆይ። መጀመሪያ ያኔ የላክነውን አንብብልኝ። ምን ብዬ እንደነበር ረሳሁት፣ አንዱን ነገር ሁለቴ እንዳልል።»

ከፈትኩት። ያ ሁሉ ጽሑፍ እዚያው ነበር፣ በሬው፣ ሐጂ፣ ሳጥኑ፣ ሳሚራ። ከላይ ባዶ ክብ። ከጎኑ አንድ ምልክት። ላነብለት አፌን ከፈትኩ፣ እዋሻለሁ ብዬም ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ብዙ ውሸት በአፌ ተሰልፎ ነበር። ግን ሂሩት አጥሚቱን ይዛ አየችኝ፣ አባቴም ደስ ብሎት ነበር የሚጠብቀው።

«ይኼ አልደረሳቸውም አባዬ።»

«እንዴት?»

ነገርኩት። ከመጀመሪያው። ስለ በሬው ሲያወራ እኔ ምን እየጻፍኩ እንደነበር። ሼባው ያልኩትን። ማዳምን ያልኩትን። ስቲከሩን። አዲስ አበባ ሄደዋል ያልኩትን ውሸት። ማመልከቻውን። ዶክተር ኮሪደር ላይ ጣት ነበር ያሉትን።

የሂሩት ማንኪያ ወደቀ። አባቴ አልጮኸም። እጁን ወደ አንሶላው ልኮ እግሩ የነበረበትን ቦታ ዳሰሰ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ቢመታኝ ብዬ ጠጋ አልኩለት።

«ስላደከምኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ይበሉ ስልክዎን ይዝጉት።»

«አባዬ...»

«ሂሩት፣ ለእሳቸው ወንበር ስጫቸው። ቆመው ደከሙ።»

ይኸው አምስት ወር ሆነን። ፎቶዬን ቀይሬያለሁ፣ አሁን የራሴ ፊት ነው፣ ከሥሩም ወንዳወቅ መለሰ ይላል። የሰው ስልክ ላይ አህያ መጫን ትቻለሁ። ዶክተር ዛኪር በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ይጽፉልኛል፣ «አባትህ እንዴት ነው ልጄ?» ይላሉ፣ እኔም «ደህና ነው፣ እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?» እላለሁ። ጠዋት ጠዋት የአባቴን ክራንች አቀብለዋለሁ፣ ከሳሎን እስከ ደጅ በክንዱ እይዘዋለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። «እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር።»

ከዚያ ወደ ግራና መንገድ ያያል። እኔ ከጎኑ ቆሜ እንዲሰድበኝ እጠብቃለሁ።